ሳጥኑ ውስጥ የጠፋው ማዕረግ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ድርጅታዊ መዋቅሩን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶታል። ትርጉሙ ምንም አይወጣለትም፤ ሥዕሉ ግን አይነበብም። ለምን?

እንግሊዝኛው «ቫይስ ፕሬዚደንት» ብሎ ማዕረጉን ያስቀድምና ዘርፉን ያስከትላል። አማርኛ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፦ «የምርምርና ቴክኖሎጂ ሽግግር ምክትል ፕሬዚዳንት»። ሳጥኑ የተሠራው ለሁለት መስመር ስለሆነ «ፕሬዚዳንት» ሦስተኛው መስመር ላይ ብቻዋን ወደቀች። ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገው ማዕረግ ታች ተቀበረ ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ፓወርፖይንት ጽሑፉን ሳጥኑ ውስጥ ለማስገባት ፊደሉን በራሱ አሳንሶታል። «ቱ»ን ከ«ቲ» የምትለየው ግን አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷው።

ሳጥኑን ማስፋት ረድፉን ከገጹ ያስወጣዋል። የሚሻለው «ምክትል ፕሬዚዳንቶች» ብሎ ከረድፉ በስተግራ አንዴ መጻፍ ነው። ሳጥኖቹ ውስጥ «አካዳሚክ ጉዳዮች»፣ «ምርምርና ቴክኖሎጂ ሽግግር» ብቻ ይቀራል፤ ፊደሉም ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል።

አንድ ችግር አለ። እዚያው ረድፍ ላይ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ የሆነ የውስጥ ኦዲት ዳይሬክተር ተቀምጧል። ባለበት ከተተወ አንባቢው ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ይቆጥረዋል። እሱ ሙሉ ማዕረጉን ይዞ ከረድፉ ዝቅ ይበል፤ ከፕሬዚዳንቱ የሚወርደው መስመር ግን አይነካ።