መሃሉ ፊደል ላይ ነው ወይስ በፊደሎች መካከል?

ውሃው፣ ውጪው፣ ዋጋዋ፣ ንብን። እነዚህ ቃላት ከፊትም ከኋላም ቢነበቡ ያው ናቸው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ፓሊንድሮም እንለዋለን። አንድ ቃል ፓሊንድሮም መሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። ከባድ የሚሆነው አንድ ረጅም ስትሪንግ ተሰጥቶን፣ በውስጡ ካሉት ተከታታይ ቁራጮች ሁሉ ረጅሙን ፓሊንድሮም አውጡ ስንባል ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እያንዳንዱን ቁራጭ ቆርጦ ማጣራትን ነው። አምስት ፊደል ያለው ቃል 15 ቁራጮች አሉት፤ ሺህ ፊደል ያለው ጽሑፍ ግን 500,500 ይሆኑበታል፤ እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። የዚህ መንገድ ትልቁ ብክነት አንዴ የታወቀውን ነገር ደጋግሞ መጠየቁ ነው። አንድ ቁራጭ ፓሊንድሮም ካልሆነ፣ በዚያው መሃል ዙሪያ በግራና በቀኝ እኩል የሰፋ ሌላ ቁራጭም ሊሆን አይችልም፤ የማይመሳሰሉት ሁለት ፊደሎች እንደተፋጠጡ ውስጡ ይቀራሉና። ከጫፍ የሚነሳ ሰው ይህን ሳያውቅ ውጪውን ደጋግሞ ይመረምራል። ከመሃል የሚነሳ ሰው ግን መጀመሪያ የተለያዩት ፊደሎች ላይ ሲደርስ ያንን መሃል ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል።

እኔ ዘወትር የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፦ መሃል መምረጥ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፊደል እየጨመሩ መስፋት፣ ፊደሎቹ ሲለያዩ ወይም ስትሪንጉ ሲያልቅ ማቆም፣ እስካሁን ረጅሙን መያዝ። ዘዴው በቃል ሲነገር የሚያከራክር ነገር የለውም። ክርክሩ የሚመጣው “መሃል” ስንል የት ማለታችን እንደሆነ ስንጠይቅ ነው።

“በላላበት” የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ “ገመዱ በላላበት ጊዜ” እንደምንለው። ፊደሎቹን ከ0 ጀምረን ብንቆጥር በ 0፣ ላ 1፣ ላ 2፣ በ 3፣ ት 4 ይሆናሉ። እያንዳንዱን ፊደል መሃል አድርገን ብንነሳ፣ በመጀመሪያው ላ ግራና ቀኝ በ እና ላ አሉ፤ አይገጥሙም። በሁለተኛው ላ ዙሪያ ላ እና በ፤ አይገጥሙም። በሁለተኛው በ ዙሪያ ላ እና ት፤ አይገጥሙም። ጫፎቹ ላይ ደግሞ በአንድ በኩል ፊደል የለም። መልሱ አንድ ፊደል ብቻ ነው ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ ግን “በላላበ” የሚል አራት ፊደል ያለው ፓሊንድሮም አለ። መሃሉ የሚገኘው በሁለቱ ላ መካከል እንጂ በአንዱ ላይ አይደለም።

ርዝመቱ ኢተጋማሽ የሆነ ፓሊንድሮም መሃሉ ፊደል ነው፤ ተጋማሽ የሆነው መሃሉ በሁለት ፊደሎች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ስለዚህ n ፊደል ያለው ስትሪንግ n የፊደል መሃሎችና n−1 የክፍተት መሃሎች፣ በድምሩ 2n−1 መሃሎች አሉት። በላላበት ዘጠኝ መሃል አለው። ክፍተቶቹን የረሳ ፕሮግራም ውሃው እና ዋጋዋ ላይ በትክክል ይሠራል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ግን ስህተቱ ቶሎ ይታያል፤ ወደደ፣ ከበበ፣ ነደደ፣ መረረ፣ ላላ፣ ሳሳ እያልን በየአረፍተ ነገሩ አንድን ፊደል ደግመን እንጽፋለንና። “ወደደ” ላይ መልሱ “ደደ” መሆን ሲገባው አንድ ፊደል ብቻ ካወጣ፣ የተጋማሹ መንገድ ተረስቷል።

ሁለቱን ዓይነት መሃሎች በሁለት የተለያዩ ሉፖች የሚጽፉ አሉ። እኔ አንድ ፈንክሽን ጽፌ መነሻውን ብቻ መለወጥ እመርጣለሁ። ግራና ቀኝ ከአንድ ቦታ ከተነሱ መሃሉ ፊደል ነው፤ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ቦታዎች ከተነሱ መሃሉ ክፍተት ነው። የመስፋቱ ሥራ በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

```python
def expand(s, l, r):
    while l >= 0 and r < len(s) and s[l] == s[r]:
        l -= 1
        r += 1
    return l + 1, r

def longest(s):
    a = b = 0
    for i in range(len(s)):
        for j in (i, i + 1):
            x, y = expand(s, i, j)
            if y - x > b - a:
                a, b = x, y
    return s[a:b]
```

በዚህ ኮድ ውስጥ ረጋ ተብሎ መነበብ ያለበት መስመር የ`expand` መመለሻ ነው። ሉፑ ሲቆም `l` እና `r` የፓሊንድሮሙ ጫፎች ላይ አይደሉም፤ ሁለቱም አንድ እርምጃ አልፈው ወጥተዋል። በላላበት ላይ ከ1 እና ከ2 እንነሳ። ላ እና ላ ይገጥማሉ፤ 0 እና 3 እንሆናለን። በ እና በ ይገጥማሉ፤ −1 እና 4 እንሆናለን። እዚህ ላይ ግራው ከስትሪንጉ ስለወጣ እናቆማለን። ፓሊንድሮሙ የሚጀምረው `l + 1` ማለትም 0 ላይ ነው። የፓይተን ቁራጭ የመጨረሻውን ቦታ ስለማይጨምር `r` እንዳለ ይሄዳል፤ `s[0:4]` “በላላበ” ነው። ርዝመቱን ብቻ ከፈለግን `r - l - 1` ነው፤ 4 ሲቀነስ −1 ሲቀነስ 1፣ አራት።

ፈንክሽኑ ርዝመቱን ብቻ እንዲመልስ አድርገው፣ መነሻውን ከመሃሉ ተነስተው የሚያሰሉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ስሌቱ `i - (len - 1) // 2` ነው። አንዱን መቀነስ ረስቶ `i - len // 2` የጻፈ ሰው ርዝመቱ ኢተጋማሽ ሲሆን ምንም አይታየውም፤ 3ን ለ2 ማካፈልም ሆነ 2ን ለ2 ማካፈል በሙሉ ቁጥር 1 ነው። በላላበት ላይ ግን መነሻው −1 ይሆንና `s[-1:3]` ባዶ ይመጣል። ጫፎቹን ራሳቸውን መመለስ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ዳግመኛ የሚሰላ ነገር አይኖርም።

`l >= 0` የሚለው ሁኔታም በፓይተን ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ብዙ ቋንቋዎች −1ኛውን ፊደል ስንጠይቃቸው ስህተት ብለው ይቆማሉ። ፓይተን ግን ከኋላ ቆጥሮ የመጨረሻውን ፊደል ይሰጣል። ይህን ማጣሪያ ከሉፑ ብናወጣው በላላበት ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ −1 እና 4 ላይ ስንደርስ `s[-1]` ት ነው፣ `s[4]`ም ት ነው፤ አንዱ ፊደል ከራሱ ጋር ገጠመ። ሉፑ ቀጥሎ −2 እና 5 ላይ ይቆማል። ርዝመቱ 6 ሆኖ ይወጣል፤ አምስት ፊደል ካለው ቃል ውስጥ ስድስት። የሚቆረጠው ደግሞ `s[-1:5]` ስለሆነ “ት” ብቻ ነው። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። የተባለው ርዝመትና የወጣው ቁራጭ ካልተስማሙ መጀመሪያ የማየው ይህን ማጣሪያ ነው።

ስለ ወጪው ሲነገር ብዙ ጊዜ “በከፋ ሁኔታ የn ካሬ” ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ መናገር ይቻላል። የተሳካ ንጽጽር ሁሉ አንድ አዲስ ፓሊንድሮም ያረጋግጣል፤ ያልተሳካ ንጽጽር ደግሞ ለአንድ መሃል ቢበዛ አንድ ነው። ስለዚህ የንጽጽሮቹ ብዛት ስትሪንጉ ውስጥ ካሉት ፓሊንድሮሞች ብዛትና ከ2n−1 ድምር አይበልጥም። በላላበት ላይ ብንቆጥር አምስቱ ነጠላ ፊደሎች፣ “ላላ” እና “በላላበ” ሰባት የተሳኩ ንጽጽሮች ናቸው፤ ያልተሳኩት ስድስት፤ በድምሩ 13። ተራ ጽሑፍ ውስጥ ረጃጅም ፓሊንድሮሞች ጥቂት ስለሆኑ ሥራው ከጽሑፉ ርዝመት ጋር ተመጣጥኖ ያድጋል። የሚከብደው አንድ ፊደል ብቻ ሺህ ጊዜ ሲደረደር ነው፤ ያኔ 500,500ዎቹ ቁራጮች ሁሉ ፓሊንድሮም ናቸው።

እንዲህ ያለ ግብአት በሚሊዮን ፊደል ርዝመት የሚመጣበት ሥራ ካለ፣ ግሌን ማናከር እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ስልተ ቀመር አለ። እሱ ቀድሞ ካገኛቸው ፓሊንድሮሞች የተማረውን ለቀጣዮቹ መሃሎች እየተጠቀመ በማንኛውም ግብአት ላይ ከn ጋር በተመጣጠነ ጊዜ ይጨርሳል፤ ለዚያ ግን የየመሃሉን ስፋት የሚይዝ ተጨማሪ ማስታወሻ ይፈልጋል። የእኛው ዘዴ የሚይዘው ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። ለአብዛኛው ሥራ ይህ ይበቃኛል፤ ሌላ ሰው አንብቦ ትክክለኛነቱን ሊያረጋግጠው ይችላልና።

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲሠራ ከመሃሉ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ የምናነጻጽረው ምንን ነው? በፓይተን `s[i]` አንድ ሙሉ ፊደል ነው። በጎ ቋንቋ ግን ያው አጻጻፍ አንድ ባይት ይሰጣል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በ`UTF-8` ሦስት ባይት ነው። “ላላ” በባይት ሲታይ `E1 88 8B E1 88 8B` ነው። እዚህ ውስጥ ከአንድ ባይት የሚበልጥ ፓሊንድሮም የለም፤ የሚወጣውም አንድ ባይት ብቻውን የሚነበብ ፊደል አይደለም። በጎ ሲጻፍ ስትሪንጉን አስቀድሞ ወደ `[]rune` መለወጥ ያስፈልጋል።

ፊደል ለፊደል ብናነጻጽርም የሚቀር ውሳኔ አለ። “ሥራስ?” ብለን ስንጠይቅ ጆሮ ፓሊንድሮም ይሰማል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሥ እና ስን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ስለሚይዝ መልሱ አንድ ፊደል ነው። ሠን በሰ፣ ሐን እና ኀን በሀ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ እየተካን ካነጻጸርን ሦስት ይሆናል። ይህን ስናደርግ የተካነውን ቅጂ ለንጽጽር ብቻ እንጠቀምበትና ቁራጩን ከዋናው ጽሑፍ እንቁረጥ። አንድ ፊደል በአንድ ፊደል ስለተተካ ቦታዎቹ አይዛነፉም፤ የጸሐፊው አጻጻፍም ይጠበቃል። ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ ካወጣን ግን ቦታዎቹ ይዛነፋሉ፤ ያኔ እያንዳንዱ ፊደል በዋናው ጽሑፍ ውስጥ የት እንደነበረ የሚይዝ ዝርዝር ያስፈልጋል።

ይህን ኮድ በማንም እጅ ተጽፎ ሳገኘው በጥቂት ግብአቶች እፈትነዋለሁ። ባዶ ስትሪንግ ባዶ መመለስ አለበት። ነጠላ ፊደል ራሱን ይመልሳል። ውሃው የፊደሉን መሃል፣ ወደደ የክፍተቱን መሃል ይፈትናሉ። በላላበት የግራውን ጫፍ፣ የመጨረሻውን ፊደልና የመነሻውን ስሌት በአንድ ጊዜ ይፈትናል። ሥራስ ላይ ግን ትክክለኛው መልስ አንድም ሦስትም ሊሆን ስለሚችል፣ ፈተናው ከመጻፉ በፊት ጽሑፉን የሚጠቀምበት ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ መጠየቅ ይኖርብኛል።