ይዘትና ቅርጽ በአጭር መንፈሳዊ መልእክት

ቅርጽን የሚወስነው ይዘት ነው የሚለው የሂስ መመሪያ በአጭር መንፈሳዊ መልእክት ላይ በሴኮንድ ይለካል። በረጋ የአማርኛ ንባብ በ30 ሴኮንድ 50 ያህል፣ በ90 ሴኮንድ 150 ያህል ቃላት ይነበባሉ።

ለቦንጋ ምእመናን የሚተላለፍ የመስቀል በዓል የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት 30 ሴኮንድ ይበቃዋል። የሚይዘው አንድ ሐሳብ ነው፤ በዓሉንም አድማጩ ያውቀዋል። ወደ 90 ሴኮንድ ቢለጠጥ ያው ምኞት በሌላ ቃል ይደጋገማል። ሆኖም መልእክቱ በካፊኖኖና በአማርኛ ተከታትሎ የሚነገር ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የሚደርሰው 25 ያህል ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት ይሻላል።

ምሳሌያዊ ትምህርት ግን ከዚህ ይለያል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በሚገኘው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ወንበዴዎች መንገደኛውን ይደበድቡታል፤ ካህኑና ሌዋዊው አይተው ያልፉታል፤ የተናቀው ሳምራዊ ያነሣዋል፤ በመጨረሻም ባልንጀራ የሆነለት ማን እንደሆነ አድማጩ ይጠየቃል። ታሪኩ በ30 ሴኮንድ ሲጨናነቅ በቅድሚያ የሚቆረጡት ሁለቱ አላፊዎች ናቸው። ያን ጊዜ በአማኙ ላይ ያነጣጠረው ወቀሳ ጠፍቶ የምጽዋት ጥሪ ብቻ ይቀራል። በ90 ሴኮንድ ግን ካህኑ ካለፈ በኋላ ለአፍታ ዝምታ እንኳ ስፍራ ይገኛል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ መልእክቱን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው መልሶ ይተርከው። ተራኪው ሁለቱን አላፊዎች ከዘለለ መልእክቱ ከሚገባው በላይ አጥሯል። የ90 ሴኮንዱን የበዓል ምኞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጨረሰው ደግሞ የቀረው ጊዜ ባክኗል።