ሁለቱ «ፖዘቲቭ»

በምሠራባት በቢላ ከተማ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። እኔ ዶክተር አይደለሁም። ደም የምቀዳ፣ ሴረሙን የምለይ፣ መስመር አንብቤ ወረቀት ላይ የምጽፍ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሰው ግን ወረቀቱን ከእጄ ሲቀበል ፊቴን ያያል፤ «ዶክተር፣ ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄም ከሐኪሙ በፊት እኔ ዘንድ ይደርሳል። ውጤቱ የሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ደግሞ ጠያቂው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ባል ይመጣል፣ እናት ትመጣለች፣ ወንድም በር ላይ ይቆማል።

ከዓመታት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩበት ሌላ ቦታ የሠራሁትን ጥፋት ላስቀድም። አንድ ወጣት መምህር ክትባቱን ሦስቴ ወስዶ ጨርሷል፤ «ይዞልኝ እንደሆነ እዩልኝ» ብሎ መጣ። የሚፈለገው ፀረ እንግዳ አካሉ፣ ማለትም አንቲቦዲው ነበር። ተገኘ። እኔም «ሄፓታይተስ ቢ፦ ፖዘቲቭ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። በዚያ ቀን ወረፋው ረጅም ነበር፤ አላነጋገርኩትም። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ተመልሶ ሲመጣ ነው ነገሩን የሰማሁት። ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ክፍል ተከራይቷል፣ ሰሃኑን ለይቷል፣ ልጁን አቅፎ መሳም ትቷል። በደሙ ውስጥ የነበረው ግን ክትባቱ የሰጠው መከላከያ ብቻ ነው። የተሳሳተው ምርመራው አይደለም፤ የጎደለው እኔ ያልጻፍኩት አንድ ቃል ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት «ፖዘቲቭ» ሊኖር ይችላል፤ ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። አንቲጅን የሚባለው የቫይረሱ የውጭ ልባስ ነው፤ ከተገኘ ቫይረሱ ዛሬ በሰውየው ደም ውስጥ አለ ማለት ነው። ለሰዎች ስገልጽ «አንቲጅን የሌባው ኮት ነው፤ አንቲቦዲ የዘበኛው ዱላ» እላለሁ። ኮቱ ግቢ ውስጥ ከተገኘ ሌባው እዚያው ነው። ኮቱ ጠፍቶ ዱላው ከተገኘ ወይ ሌባው መጥቶ ተባሯል፣ ወይ ዘበኛው አስቀድሞ ሠልጥኗል፤ ያሠለጠነውም ክትባቱ ነው። የክትባቱ ብልሃት ራሱ ይህ ነው፦ ሌባውን ሳያመጡ ኮቱን ብቻ ለዘበኛው ማሳየት። ይህን ኮት መጀመሪያ ያገኘው አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ ነው። የአንድ አውስትራሊያዊ ነባር ተወላጅ ሴረም ብዙ ጊዜ ደም ከተሰጠው ታካሚ ሴረም ጋር ሲገናኝ መስመር ሠራ፤ ስለዚህም «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ተባለ። ብሉምበርግ በ1976 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። መጀመሪያ ላይ ከጉበት ጋር መያያዙን እንኳ አላወቀም ነበር።

እኛ ጋ ምርመራው በአብዛኛው በስትሪፕ ነው። ሴረሙ በወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ላይኛው የቁጥጥር መስመር ይታያል፣ አንቲጅን ካለ ታችኛውም ይቀላል። ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለበት። አንደኛው ሰዓት ነው። አብዛኛው ስትሪፕ በ15 ደቂቃ ይነበባል። ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከምሳ በኋላ የተነበበ ስትሪፕ ሲደርቅ የሐሰት መስመር ሊያወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጥዬ አዲስ እሠራለሁ። ሁለተኛው ደብዛዛ መስመር ነው። በሰዓቱ የወጣ መስመር የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ፖዘቲቭ ነው፤ ውፍረቱ ግን የቫይረሱን ብዛትም ሆነ የበሽታውን ክብደት አይለካም። «መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ነው ያለብህ» ብሎ ማጽናናት ልማድ ሆኗል፤ ውሸት ነው።

አሁን ወደ አንድ ቤተሰብ ልግባ። እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። ሴትዮዋ 27 ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ለእርግዝና ክትትል መጣች። አንቲጅኗ ፖዘቲቭ ሆነ። ምንም አላመማትም፤ ዓይኗ ነጭ፣ ምግቧ ጥሩ። የመጀመሪያ ቃሏ «የወፍ በሽታ ቢሆን ቢጫ አልሆንም ነበር?» የሚል ነበር። ሁለተኛውን የተናገረው አብሯት የመጣው ባለቤቷ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከማን አመጣችው?» አለኝ።

እዚህ አገር ብዙ ትዳር የሚናጋው በዚች ጥያቄ ነው፤ ስትሪፑ ደግሞ አይመልሳትም። አንቲጅን «አለ» ይላል እንጂ ከማን፣ መቼ አይልም። እኔ የምመልሰው በዕድሜ ስሌት ነው። ቫይረሱ በሕፃንነት ከገባ ከአሥሩ ዘጠኙ ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ። ጤነኛ ጎልማሳ ሲይዘው ግን ከመቶ አምስት የማይሞላው ነው የሚቀርበት፤ ሌላው ያባርረዋል። ስለዚህ ያላመማት ወጣት ሴት አንቲጅን ሲገኝባት ይበልጥ የሚገመተው፣ ስትወለድ ከእናቷ ወይም ሳትጠና አብረዋት ካደጉ ልጆች መያዟ ነው። ክትባቱ በአምስት በአንድ መርፌ ውስጥ ሆኖ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እሷ የተወለደችው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ባልየውን «ፍለጋው ወደ ኋላ ይሂድ» አልኩት፤ «ወደ እናቷና ወደ ወንድሞቿ። አንተም ትመረመራለህ፤ ግን እንደ ተከሳሽ ወይም እንደ ከሳሽ አይደለም።»

መጡ። ባልየው፦ አንቲጅን የለም፣ አንቲቦዲ አለ። ክትባት ወስዶ አያውቅም፤ ወደ ነቀምቴ የተላከው ናሙናም የቫይረሱን ውስጠኛ ክፍል የሚመለከተው ሌላው አንቲቦዲ እንዳለው አሳየ። ይህ ሦስተኛው ምርመራ ክትባትን ከእውነተኛ ሕመም ይለያል፤ ክትባት ኮቱን ብቻ ስለሚያሳይ ይህን አንቲቦዲ ሊፈጥር አይችልም። እንግዲህ ባልየው አንድ ጊዜ ይዞት፣ ሳያውቀው አባሮታል። ክትባት አያስፈልገውም። ወደፊት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ከባድ ሕክምና፣ ለምሳሌ የካንሰር መድኃኒት ቢታዘዝለት ግን ይህን ታሪኩን ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ያደፈጠው ቫይረስ ሊነሳ ይችላል።

የሰባት ዓመቷ ልጅ፦ አንቲጅን የለም፣ አንቲቦዲ አለ። የክትባት ካርዷ የተሟላ ነው፤ በቃ። የአራት ዓመቱ ልጅ ሁለቱም የሉትም። ብዙ ባልደረቦቼ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ሁለቱም ኔጌቲቭ» የሚለውን እንደ ምሥራች ያነቡታል። ተሸካሚ ባለበት ቤት ውስጥ ላለ ልጅ ምሥራቹ ግማሽ ነው፤ አልተያዘም፣ ግን ዘበኛው አልታየም። ክትባት የወሰዱ ልጆች አንቲቦዲ በዓመታት እየቀነሰ ስትሪፕ ከሚያየው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ትዝታው ግን በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ይህ ልጅ ግን ካርዱ ጠፍቷል። አንድ መርፌ ተሰጥቶት ከአንድ ወር በኋላ አንቲቦዲው በቁጥር ተለካ። በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒትና ከዚያ በላይ ይከላከላል ይባላል፤ የእሱ ከዚያ እጅግ በልጦ መጣ። ድሮ ተከትቦ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢቀር የቀሩትን ሁለት መርፌዎች እናሟላ ነበር።

የሴትዮዋ እናት፣ አዴ ብለን የምንጠራቸው ሴት፣ አንቲጅን ተገኘባቸው። በወንድሟም ተገኘ። ታላቁ ወንድም ከዓመታት በፊት ሆዱ አብጦ፣ ከስቶ ሞቷል፤ ቤተሰቡ የሌሊት ወፍ ነክቶት ነው ብሎ ክንዱን አስበጥቶ፣ ሥር አጠጥቶት ነበር። በአንድ ምላጭ ስንት ሰው እንደተበጣ ስጠይቅ አዴ ዝም አሉ። ዝምታው ለእኔም ከብዶኝ ነበርና ወደ ቀጣዩ ነገር አለፍኩ።

የታላቁ ወንድም ሞት የጉበት በሽታ ሞት ስለሚመስል በእነሱ ሕክምና ላይ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ወይም የጉበት መጠጠር ያለበት ተሸካሚ የቫይረሱ መጠን በማሽን እስኪለካ ሳይጠበቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ሁሉንም ወደ ነቀምቴ ላክናቸው። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው፤ ለኤችአይቪም ስለሚሰጥ ወንድምየው ሲሰማ «ሌላም በሽታ አለብኝ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። የኤችአይቪ ምርመራ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ግን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ብቻውን ከወሰደ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል።

ሴትዮዋም ነቀምቴ ላይ መድኃኒቱን ጀመረች፤ ቫይረሱ ለልጁ እንዳይተላለፍ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ይረዳል። ሕፃኑ ክትባቱን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አገኘ። አምስት በአንዱ መርፌ እስከሚጀመርበት 6ኛው ሳምንት መጠበቅ ለዚህ ልጅ ይዘገያል፤ ከእናት የሚተላለፈው በአብዛኛው በምጥና በወሊድ ጊዜ ነውና። ጎረቤት ጡት እንዳታጠባ መክሯት ነበር፤ አጠባች፣ ማጥባትም ትችላለች። አዴም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ትሪ መብላት ትተው ነበር። ጉርሻም ሆነ የቡና ስኒ አያስተላልፈውም፤ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌና ካልተከተበ የትዳር ጓደኛ ጋር የሚደረግ ግንኙነት ያስተላልፋሉ አልኳቸው። የዚያን ዕለት ትሪው ተመልሶ አንድ ሆነ።

ሕፃኑን እንደተወለደ እንድመረምረው አያቱ ለምነውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። በዚያ ሰዓት የሚገኘው አንቲቦዲ የራሱ ላይሆን ይችላል፤ ክትባቱ ራሱ ደግሞ ለጥቂት ቀናት አንቲጅን እንዳለ ሊያስመስል ይችላል። የሚነበበው ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜው ነው።

በአሥረኛው ወሩ መጣ። ስትሪፑን በ15ኛው ደቂቃ አነበብኩ፤ ወረቀቱ ላይም በሙሉ ቃል ጻፍኩ፦ «የሄፓታይተስ ቢ አንቲጅን አልተገኘም፤ ቫይረሱ የለበትም። መከላከያው አንቲቦዲ ተገኝቷል፤ ክትባቱ ሠርቷል።» ወደ ጅማ ያገባችው የሴትዮዋ ታላቅ እህት ግን እስካሁን አልተመረመረችም።