የሰፈራችን ፊሽካ

የሰፈራችንን ትንሽ ዳኛ አደንቃለሁ። ገና 14 ዓመቱ ነው፤ ፊሽካውን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሮጣል። እሑድ ዕለት የታላቅ ወንድሙ ቡድን 1 ለ 0 እየመራ ሳለ፣ ወንድሙ ጎል አፍ ላይ አጥቂውን ጠለፈው። ልጁ ወዲያው አልነፋም። ኳሷ ሌላ አጥቂ እግር ሥር ገብታ ነበርና፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ጠበቀ። ኳሷ አጥቂውን ስታመልጠው ነፋ። ከጎን ሆኖ እግርና እግር ሲነካካ አይቷል።

«ወንድምህ ነኝ እኮ!»

«ሪጎሬ ነው፣ ጋሼ።»

ከጎሉ 11 እርምጃ ቆጠረ። (እርምጃው አጭር ነው፤ ነጥቡ ትንሽ ሳይቀርብ አልቀረም።) እሱ ባይኖር ጨዋታው በጭቅጭቅ ይበተን፣ ኳሷም በባለቤቷ ብብት ሥር ወደ ቤት ትሄድ ነበር። ሪጎሬው ገብቶ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ማታ ወንድማማቾቹ ከአንድ ትሪ በሉ፤ ወጡን ግን ጋሼ ወደ ራሱ ሳበ።