የግርጌዋ ረድፍ

በማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ወረቀቶች ሁሉ የወሩን የተረኞች ሰንጠረዥ አደንቃለሁ፤ በተለይ ከግርጌው አንዲት ተጨማሪ ረድፍ ያለችውን። ወደ ጎን 30 ቀናት፣ ወደ ታች የ16 አዋላጅ ነርሶች ስም ይሰፍራል። መጀመሪያ የዓመት ፈቃድ ይሞላል፤ ከዚያ የነባሮቹ አዳር፤ በመጨረሻ የቀሪዎቹ።

በየሌሊቱ 3 ሰው ቢያድር በወር 90 አዳር ይሆናል። አንዷ ወሩን ሙሉ ፈቃድ ብትወጣ ለ15ቱ ስድስት ስድስት አዳር ይደርሳቸዋል። ነባሮቹ 5 ከሆኑ በየሌሊቱ አንዷ ትኖራለች፤ እናት ደም ሲፈስሳት ወይም ሕፃኑ አልተነፍስ ሲል እጇ የማይርበተበት።

ፈቃድ የወጣችው ራሷ ነባር ስትሆን ግን 90ው አዳር ሞልቶም 6 ሌሊት ያለ ነባር ያልፋል። ስም ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን አያይም። የግርጌዋ ረድፍ በየሌሊቱ የነባሮችን ቁጥር ስለምታሳይ፣ ስድስቱ ዜሮዎች ወሩ ሳይጀምር ይታያሉ። ያኔ ፈቃዱን ማሸጋሸግ፣ ካልሆነም ከአራቱ ነባሮች ለሁለቱ 7፣ ለሁለቱ 8 አዳር ሰጥቶ ከሌሎቹ ላይ መቀነስ ይቻላል።

ሰንጠረዥ የምታወጡ ኃላፊዎች፣ ይህችን ረድፍ አትተዉ።