ከቢን ካርድ ወደ ሲቪ

ድሬዳዋ ውስጥ የሁለት የመጋዘን ሱፐርቫይዘሮችን ሲቪ ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ አንዱ ከሌላው የገለበጠ ሊመስለው ይችላል። ሁለቱም ንብረት ይረከባሉ፣ ያስረክባሉ፣ ቆጠራ ያካሂዳሉ፣ በሥራቸው ያሉትን ሠራተኞች ይቆጣጠራሉ፣ በየወሩም ሪፖርት ያቀርባሉ። መገለባበጥ የለም፤ ቃሉ የመጣው ከሥራ መደቡ መዘርዝር ነው። መዘርዝሩ ደግሞ ሰውየው ከመቀጠሩ በፊት የተጻፈ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ይናገራል፤ ይህ ሰው በተቀመጠባቸው ዓመታት መጋዘኑ ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ለሎጂስቲክስ ሥራ የሚያመለክት ሱፐርቫይዘር ሲቪውን ሲያስተካክል የሚሻለው ያንኑ ግዴታ በጠንካራ ቃል መቀባት አይደለም። ግዴታውን ትቶ መጋዘኑ ራሱ በየቀኑ ሲጽፈው ወደ ኖረው ሰነድ፣ ወደ ቢን ካርዱ፣ ወደ ዌይቢሉ፣ ወደ ቆጠራ ሉሁና ወደ በር መዝገቡ መመለስ ነው።

የግዴታ ዝርዝር መጻፍ የስንፍና ምልክት አይመስለኝም። የሥራ ልምድ ማስረጃችን የሚያስተምረን እሱን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሚሰጠው ምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ስለ ውጤት እንዲጽፍ አያስገድድም። ሰው በእጁ ያለውን ወረቀት መስሎ መጻፉ የሚጠበቅ ነው። ከዚህ ላይ የከተማዋ ታሪክ ይጨመራል። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መጋዘን ለዚች ከተማ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን በነጋዴው ቤት የመጋዘን ኃላፊ የሚመዘነው በታማኝነቱ ነበር፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፣ ዕቃው አይጠፋም፣ በቃ። አሁን ደግሞ ደረቅ ወደብ አለ። አዲሱ የባቡር መስመር ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭነት እያመላለሰ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣናው ተመርቋል። ከእነዚህ ጋር የሚሠራ ድርጅት የሚያወጣው ማስታወቂያ የሚጠይቀው ዕቃው እንዴት እንደተጠበቀ ብቻ አይደለም። በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ጉድለት እንዳለፈም ይጠይቃል። የግዴታ ቋንቋ የጠባቂ ቋንቋ ነው፤ ማስታወቂያው ግን አሳላፊ ይፈልጋል።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ ምሳሌ ልሥራ፤ ሰውየውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ የምግብና የቤት ፍጆታ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ከሐምሌ 2011 እስከ ሰኔ 2016 ሠርቷል። የሚያመለክትበት የሎጂስቲክስ ኦፊሰር ማስታወቂያ ከተራው ዝርዝር መሐል ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የክምችት መዝገብ ትክክለኛነት፣ የተሽከርካሪ ቆይታን ማሳጠር፣ በጉዞ ላይ የሚደርስ ጉድለትን መከታተል። የመጀመሪያው ሥራ ማስታወቂያውን ማንበብ ነው፤ ለመኮረጅ ሳይሆን እያንዳንዱን ሐረግ ወደ ጥያቄ ለመቀየር። «የመዝገብ ትክክለኛነት» ማለት ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ምን ያህል ይገናኛሉ ማለት ነው። ጥያቄው እንዲህ ሲቀመጥ መልሱ የት እንዳለ ራሱ ይጠቁማል።

የሰውየው ሲቪ «ዓመታዊ ቆጠራ ማካሄድ» ይላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጠራ እንደሚደረግ አንባቢው ያውቀዋል፤ ይህ መስመር ምንም አልጨመረለትም። አሁን የቆጠራ ሉሆቹን እናውጣ። በ2014 መጨረሻ 320 ዓይነት ዕቃዎች ተቆጥረው በ272ቱ ካርዱና ቆጠራው ተገናኝተዋል፤ ይህ 85 በመቶ ነው። በ2016 መጨረሻ ከ350ው 336ቱ ተገናኝተዋል፤ 96 በመቶ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሒሳብ ክፍሉ የሚያቀርበው ልዩነት በብር የተደመረ ነው። ስኳር ጎድሎ ዱቄት ቢተርፍ ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ መዝገቡ የተዘበራረቀ መጋዘን በብር ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ሎጂስቲክስ የሚያውቅ ጠያቂ ይህን ስለሚያውቅ በዕቃ ዓይነት የተቆጠረውን ቁጥር የበለጠ ያምናል። ሱፐርቫይዘሩም መጻፍ ያለበት እሱን ነው፣ የትኛውን እንደቆጠረም ጭምር። ቀጥሎ ለውጡን ያመጣው ምን እንደሆነ ይጠየቃል። በምሳሌያችን ሰውየው ቶሎ ቶሎ የሚወጡ 20 ዕቃዎችን በየሳምንቱ ቅዳሜ ያስቆጥር ነበር፤ ልዩነት ሲገኝ ወጪ ደረሰኙ ሳይመዘገብ የቀረ መሆኑ በዚያው ሳምንት ይታወቃል እንጂ ሰኔ አይጠብቅም። አዲሱ መስመር እንዲህ ይሆናል፦ «ፈጣን ወጪ ያላቸውን 20 ዕቃዎች በየሳምንቱ በማስቆጠር፣ ካርድና ቆጠራ የሚገናኙባቸውን የዕቃ ዓይነቶች ከ85 በመቶ (2014) ወደ 96 በመቶ (2016) አድርሷል።» ድርጊት፣ መጠንና ዘመን አሉት። ከሁሉም በላይ «እንዴት ቆጠራችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አለው።

«መኪና ማራገፍን መቆጣጠር» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይታያል። የበር መዝገቡ መኪናው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይዟል። ዓመቱን ሙሉ መደመር አያስፈልግም፤ አሠራሩ ከመለወጡ በፊት ካለ አንድ ወር 30 መኪና፣ ከተለወጠ በኋላ ካለ ተመሳሳይ ወር 30 መኪና መውሰድ ይበቃል። «ተመሳሳይ ወር» ማለቴ በምክንያት ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ ጫኝና አውራጆች እኩለ ቀን ላይ ስለሚያርፉ የግንቦትን ቆይታ ከታኅሣሥ ጋር ማነጻጸር ውሸት ባይሆንም እውነትም አይሆንም። አማካዩ ከ9 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ዝቅ ብሎ ከተገኘ ምክንያቱ ይፈለግ። ምናልባት ሹፌሩ ደወሌን ሲያልፍ እየደወለ፣ የክምር ቦታው ቀድሞ ተለክቶ፣ ጫኝና አውራጆቹም ለጠዋት ይቀጠሩ ይሆናል። ያ ሲቪው ላይ ይገባል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ደግሞ መስመሩ «በቀን እስከ 8 መኪና» ብሎ መጠኑን ብቻ ቢናገር ይበቃል። መጠን ራሱ ማስረጃ ነው፤ መሻሻል ሁሉም ቦታ መኖር የለበትም።

ጉድለትን በሚመለከት ሰዎች ያፍራሉ፤ ሲቪ ላይ የጎደለ ነገር ማንሳት ራስን መክሰስ ይመስላቸዋል። የሎጂስቲክስ ሰው ግን የጉዞ ጉድለትንና የመጋዘን ጉድለትን ለይቶ ያነባል። ከረጢቱ ተቀዶ፣ ረጥቦ ወይም ቁጥሩ ጎድሎ ሲመጣ ተረካቢው ዌይቢሉ ላይ ሳይጽፍ ከፈረመ ጉድለቱ በዚያች ደቂቃ ከአጓጓዡ ወደ መጋዘኑ ይሻገራል። ስለዚህ «ከመፈረሙ በፊት ጉድለትና ብልሽትን ዌይቢሉ ላይ በማስመዝገብ፣ በ2016 ከተመዘገቡ 18 ጉድለቶች 15ቱ በአጓጓዦች እንዲሸፈኑ አድርጓል» የሚለው መስመር ኪሳራ የሚያወራ ቢመስልም፣ ሰውየው ሥራውን ምን ያህል እንደሚያውቅ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያሳያል።

«ይህ የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ቆጣሪው፣ መዝጋቢው፣ ሹፌሩ አለበት» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሥራን ለራስ ብቻ መውሰድ በባህላችን የሚያስነውር ነው፤ በእውነትም ስህተት ነው። መፍትሔው ግን ወደ ግዴታ ዝርዝር መመለስ ሳይሆን የራስን ድርሻ በትክክለኛ ግሥ መሰየም ነው። ቆጠራውን የወሰነው እሱ ከሆነ «አስቆጠረ»፣ ሐሳቡ የሥራ አስኪያጁ ሆኖ ያስፈጸመው እሱ ከሆነ «አስፈጸመ»፣ «ከ6 ሠራተኞች ጋር» ከሆነም እንዲሁ ይባል። ሌላው ጥያቄ የድርጅት ምሥጢር ነው። ሰነድ ይዞ መውጣት አይገባም፤ የደንበኛ ስም፣ የዕቃ ዋጋና የውል ብር ሲቪ ላይ ቦታ የላቸውም። በመቶኛ፣ በሰዓትና በዕቃ ዓይነት የተነገረ ነገር ግን አሠሪውን አያጋልጥም። ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ሰነዱ እጁ የሌለ ሰው ደግሞ በልበ ሙሉነት የሚሟገትለትን ክልል ይጻፍ፤ «በቀን ከ5 እስከ 8 መኪና» ከተፈጠረ «7.4» ይልቅ የሚታመን ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ስለ አመልካች ማጣሪያው ነው፦ መልማዩ የሚያየው ዲግሪና ዓመት ነው፣ ማን መስመር ያነብልሃል? ለብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ትክክል ይመስለኛል። እዚያ ወሳኙ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ያለው የመደብ ስም ነው፤ ሲቪው በአዲስ ቃል መጻፉ ብዙ አይለውጥም። በግል ድርጅቶችና በዕርዳታ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ ግን «ተዛማጅ የሥራ ልምድ» የምትል ቃል አለች፤ ተዛማጅነቱን የሚወስነው ሰው ከሲቪው ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። አምስት ዓመት «ንብረት መጠበቅ» ለሎጂስቲክስ ይዛመዳል? አጠራጣሪ ነው። አምስት ዓመት የክምችት ትክክለኛነት፣ የተሽከርካሪ ቆይታና የጉዞ ጉድለት ግን የማስታወቂያው የራሱ ቃላት ናቸው።

ዓመታቱም ቢሆኑ ይታሰብባቸው። አብዛኛው ሲቪ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ «2011–2016» ተብሎ ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ሲገለበጥ፣ የውጭ አገር ሰው ወይም ኮምፒውተር ሥራው በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳበቃ ያነበዋል፤ ለስምንት ዓመት ሥራ ፈት የነበረም ይመስላል። የምሳሌያችን ሰው ከሐምሌ 2019 እስከ ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ነው የሠራው። ከአሮጌው ሲቪ ደግሞ «ሌሎች በኃላፊ የሚታዘዙ ሥራዎችን መሥራት» የምትለው የመጨረሻ መስመር ትቀራለች፤ ለእሷ በየትኛውም መዝገብ ውስጥ የሚፈለግ ነገር ስለሌለ ትሰረዝ።