በቀን 90 ሚሊዮን ጊዜ የተጠራች አበባ

ፎቶው የአንዲት አስተር አበባ ነው፤ ቅጠሎቿ ሐምራዊ፣ እምብርቷ ቢጫ። በዊኪሚዲያ ኮመንስ የምስል ማከማቻ ውስጥ AsterNovi-belgii-flower-1mb.jpg በሚል ስም ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ የዊኪሚዲያ መሐንዲሶች አንድ ነገር አስተዋሉ። ይህ ፋይል ብቻውን በቀን ወደ 90 ሚሊዮን ጊዜ ይጠየቃል፤ ከመረጃ ማዕከሎቻቸው በአንዱ ከሚስተናገዱት የምስል ጥያቄዎች አንድ አምስተኛው የእሱ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦት ነው፤ ቦት ደግሞ ብዙ ጊዜ በግራፉ ቅርጽ ይታወቃል። መስመሩ በድንገት ይወጣል፣ ቀንና ሌሊት ሳይለይ እኩል ይሄዳል፣ በድንገት ይወርዳል። ሌላም መለኪያ አለ። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በሳምንቱ በብዛት የታዩትን 25 ጽሑፎች የሚዘረዝሩ በጎ ፈቃደኞች ከስልክ የመጣውን እይታ ድርሻ ያያሉ። ድርሻው 5 በመቶ አካባቢና ከዚያ በታች፣ ወይም 95 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጽሑፉን አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ያስወጡታል። ሰው በስልክም በኮምፒውተርም ያነባል፤ ፕሮግራም ግን የያዘውን አንድ መንገድ አይለቅም። ይህን መለኪያ የምወደው ለማመሳከር ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሚበቃው ነው።

የአበባዋ ግራፍ ግን እንደ ቦት አልነበረም። ጥያቄዎቹ የመጡት ከብዙ የህንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ እርስ በርስ ከማይገናኙ አድራሻዎች ነው። መስመሩም ሰው እንደሚነቃና እንደሚተኛ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ከኋላው እውነተኛ ሰዎች፣ እውነተኛ ስልኮች አሉ ማለት ነው።

ያልገጠመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አበባ ያማረው ሰው አንዷን አይቶ አይበቃውም፤ ገጹን ይከፍታል፣ ሌሎቹንም ፎቶዎች ይነካካል። እዚህ ግን የሚጠየቀው ያው አንድ ፋይል፣ በዚያው አድራሻ ነው። መሐንዲሶቹ ከአድራሻዎቹ መበታተንና ከመስመሩ ዕለታዊ ምት ተነስተው አንድ የስልክ መተግበሪያ ፎቶውን በቀጥታ ከማከማቻው እየሳበ ይሆናል ብለው ገመቱ፤ ፍለጋውም ወደ አንድ መተግበሪያ አደረሳቸው። መተግበሪያው በተከፈተ ቁጥር ፎቶውን ያወርድ ነበር፤ ለተጠቃሚው ግን አያሳየውም ነበር።

የትኛው ቁጥር ይታመን? ሰርቨሩ ፋይሉን በእርግጥ ልኳል፤ ስለዚህ የኔትወርኩን ጫና ለሚያሰላ ሰው 90 ሚሊዮኑ ትክክል ነው። ፎቶው ስንት ሰው እንደሳበ ለሚጠይቅ ግን ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ የተሻለው ግምት ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት የነበረው የዕለት ልክ ነው። የእርስዎም ቁጥር አንድ ቀን በድንገት ከዘለለ፣ ከመሰረዝዎ በፊት አብሮት ማደግ የነበረበት ሌላ ቁጥር ማደግ አለማደጉን ይመልከቱ።